ስልኩን ኪስ ከመክተትዎ በፊት

ቢቸና ያሉት አጎቴ ለእድራቸው ዳኛ በቴሌግራም የምትስም ድመት ስቲከር ላኩ። «እኔ አልነካሁም» ብለው ማሉ። የጻፉት ነገር መላኪያውን ካልነኩ አይሄድም፤ ስቲከር ግን ገና ሲነኩት ውልቅ ይላል። ስክሪኑ ደግሞ የሚያውቀው ግፊትን ሳይሆን ቆዳን ነው። ስልኩን ጨብጠው ሲነሱ የመዳፍ ጠርዝ ካረፈበት በቃ።

ስለዚህ አንብበው ሲጨርሱ፣ ጋቢው ስር ከመክተትዎ በፊት፣ በጎን ያለችውን ማጥፊያ አንዴ ጫን አድርገው ይልቀቁ። ስክሪኑ ይጠቁር።

ካመለጠዎትም ስቲከሩን ጫን ብለው ይያዙት፣ Delete የሚለውን ወይም የቆሻሻ ቅርጫቷን ምልክት ይንኩ፤ ከዚያ Also delete for የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርገው Delete የሚለውን ይንኩ። አለዚያ የሚጠፋው ከእርስዎ ስልክ ብቻ ነው።

ስልክ እያወሩ ግን ማጥፊያዋን አይንኳት፤ አንዳንዱ ስልክ ላይ ጥሪውን ትዘጋለች።