ለትንሽ የልብስ ሱቅ የኢሜይል ዝርዝር እንዴት ይሰበሰባል፣ የመጀመሪያው ማስታወቂያስ እንዴት ይላካል?

ጅማ ውስጥ ስማርት ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል የኢሜይል አድራሻ አለው። አድራሻውን የከፈተለት ግን ብዙ ጊዜ ስልኩን የሸጠለት ልጅ ነው። መተግበሪያ ለማውረድ ስለሚያስፈልግ እዚያው ባንኮኒው ላይ ይከፍትለታል፤ ባለቤቱ ከዚያ ወዲህ የይለፍ ቃሉን ቀርቶ አድራሻውን እንኳ አያስታውሰውም። እኔ በኢንተርኔት የሴቶች ልብስ መሸጥ ስጀምር ይህን አልተረዳሁም ነበር። ያገኘሁትን አድራሻ ሁሉ በደብተር መዘገብሁ፤ ከግማሽ የሚበልጠው ደብዳቤ የማይከፈትበት ሳጥን ሆኖ ተገኘ።

ስለዚህ ከመሰብሰባችሁ በፊት ከደንበኞቻችሁ መካከል ኢሜይል በእርግጥ የሚያነበው ማን እንደሆነ ለዩ። በእኛ ከተማ እነዚህ በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲው መምህራንና ተማሪዎች፣ የጤና ባለሙያዎች፣ የባንክና የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞች ናቸው። ውጭ ሀገር ሆነው ለእናትና ለእህት ልብስ የሚያዝዙም አሉ። ሌላውን ደንበኛ በስልክና በቴሌግራም ማግኘት ይሻላል፤ በኢሜይል ማሳደዱ ድካም ብቻ ነው።

አድራሻ መሰብሰብ

የትእዛዝ ቅጻችሁ ላይ አንድ ባዶ ሳጥን ጨምሩ። አጠገቡ የምትጽፉት ምን እንደምትልኩና በየስንት ጊዜው እንደምትልኩ በግልጽ ይናገር። የእኔ እንዲህ ይላል፦ «አዲስ ልብስ ሲገባ በወር ቢበዛ ሁለት ጊዜ ኢሜይል ይላክልኝ።» ምልክቱን ደንበኛው ራሱ ያድርግ፤ እናንተ አስቀድማችሁ ምልክት ካደረጋችሁበት ፈቃድ አይባልም። ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ የሚያዝበትን ሁኔታ የደነገገ ሕግ ነውና ማን፣ መቼ፣ በየት በኩል እንደፈቀደላችሁ የሚያሳይ መዝገብ ይኑራችሁ።

ለደንበኛው በምላሹ ምን ትሰጡታላችሁ? ብዙዎች ቅናሽ ይሰጣሉ። እኔ አልመርጠውም፤ ቅናሹን ተጠቅሞ የሚጠፋ ሰው ያመጣል። ትንሽ ሱቅ ከአንድ ልክ ሁለት ወይም ሦስት ፍሬ ብቻ ስለሚይዝ ደንበኛን የሚያበሳጨው «ልኩ አልቋል» የሚለው መልስ ነው። ስለዚህ በኢሜይል ለተመዘገቡት አዲስ ልብስ ቴሌግራም ላይ ከመውጣቱ አንድ ቀን አስቀድሜ አሳያለሁ። ገንዘብ አያስወጣኝም፤ ልብስ የሚወድ ሰው ግን ይፈልገዋል።

ቅጹ ላይ ሁለት ጥያቄ ብቻ ጨምሩ፦ «በምን ስም እንጥራዎ?» እና «በአማርኛ ወይስ በአፋን ኦሮሞ እንጻፍልዎ?» ጅማ ላይ ሁለተኛውን መዝለል ስሕተት ነው። የመጀመሪያው ደግሞ ከአንድ ችግር ያድናችኋል። መልእክቱን ኮምፒውተር ስለሚልከው ተቀባዩ ወንድ ይሁን ሴት አያውቅም፤ «አንተ» ወይም «አንቺ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ለግማሹ ሰው ስሕተት ይሆናል። በ«እርስዎ» ጻፉ፤ ስሙንም ሰውየው ራሱ እንደሰጣችሁ፣ «ወይዘሮ» ወይም «ዶክተር» ካለበት ከነማዕረጉ አስገቡ።

ልብስ ስታደርሱ አድራሻ በወረቀት አትቀበሉ። ዜሮና «ኦ»፣ አንድና «ኤል» በእጅ ጽሑፍ አይለዩም፤ gmail.com የሚለውም gmail.con ሆኖ ይገባል። ስልካችሁን ስጡትና ደንበኛው ራሱ ይጻፍ። ወዲያው የማረጋገጫ መልእክት ይላክለትና እናንተ ደጃፉ ላይ ሳላችሁ ይክፈተው፤ የላኪ አገልግሎቶች ይህን በራሳቸው የሚያደርጉበት ምርጫ አላቸው። ውስጡ ያለውን ቁልፍ ያልተጫነ ሰው ወደ ዝርዝሩ አይግባ። ስልክ ሻጩ የከፈተለትና ረስቶት የኖረው አድራሻ ተጣርቶ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው።

የእኔን ቁጥር ልንገራችሁ። በሦስት ወር 214 አድራሻ ተሰበሰበ፤ 88ቱ ከቅጹ፣ 126ቱ ከደብተሬ። የማረጋገጫ መልእክት በላክሁ ጊዜ 17ቱ «እንዲህ ያለ አድራሻ የለም» ተብለው ተመለሱ፤ 56ቱ ዝም አሉ። የቀሩት 141 ናቸው። ሰባ ሦስቱን መሰረዝ ከበደኝ፤ ግን ሰረዝኋቸው። በዚያው ሰሞን አንድ ሰው የሥልጠና ተሳታፊዎችን የኢሜይል ዝርዝር ሊሸጥልኝ መጥቶ ነበር። እንዲህ ያለውን በነጻም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ፤ ምክንያቱን ከታች ታዩታላችሁ።

መልእክቱ ከማን ስም ይሂድ?

ከተራ የጂሜይል አካውንት ለሁሉም በአንድ ጊዜ መላክ ቀላል ይመስላል። ነጻው አካውንት በቀን ከ500 ተቀባይ አያሳልፍም፤ ከዝርዝሩ መውጫ ቁልፍም የለውም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ አድራሻዎቹን Bcc በማስገባት ፋንታ Cc ላይ ካስገባችሁ እያንዳንዱ ደንበኛ የሌላውን አድራሻ ያያል። አንዲት የማውቃት ሻጭ ይህ ደርሶባት ቀኑን ሙሉ ስልክ እየደወለች ይቅርታ ስትጠይቅ ዋለች።

ስለዚህ እንደ ብሬቮ ወይም ሜይለርላይት ያለ የላኪ አገልግሎት ተጠቀሙ፤ ለትንሽ ዝርዝር የሚበቃ ነጻ ደረጃ አላቸው። ላኪው አድራሻ ግን በራሳችሁ ዶሜይን፣ ማለትም በድረ ገጻችሁ ስም የሚያልቅ ይሁን። በ@gmail.com አድራሻ ከሌላ አገልግሎት ብትልኩ ተቀባዩ ጂሜይል «ይህ ከእኛ ቤት አልወጣም» ብሎ ይጠረጥረዋል። የውጭ ባንክ ካርድ ከሌላችሁ በ.et የሚያልቅ ዶሜይን ከኢትዮ ቴሌኮም በብር ማግኘት ይቻላል።

ከዚያ በዶሜይኑ የዲኤንኤስ ገጽ ላይ፣ ማለትም የዶሜይኑ ቅንብር በሚመዘገብበት ቦታ፣ ሦስት መዝገቦች ይገባሉ። SPF በስማችሁ መላክ የተፈቀደለት ማን እንደሆነ ይናገራል፤ DKIM ደብዳቤው መንገድ ላይ እንዳልተነካ የሚያሳይ ማኅተም ነው። የሁለቱንም ጽሑፍ አገልግሎቱ ይሰጣችኋል፤ ገልብጣችሁ ትለጥፋላችሁ። DMARC ሁለቱም ካልገጠሙ ተቀባዩ ምን እንደሚያደርግ ይነግረዋል። ለጀማሪ፣ _dmarc በሚል ስም፣ አድራሻውን በራሳችሁ ተክታችሁ ይህ ይበቃል፦

```
v=DMARC1; p=none; rua=mailto:report@example.com
```

አንድ ዶሜይን ሁለት የSPF መዝገብ ሊኖረው አይገባም። ቀድሞ ካለ አዲሱን በዚያው መስመር ውስጥ ጨምሩ፤ ሁለት ከሆኑ ሁለቱም ዋጋ ያጣሉ። ጎግልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ በእነዚህ መዝገቦች ጉዳይ ጠበቅ ብለዋል። መሥራቱን ለማረጋገጥ ለራሳችሁ ጂሜይል አንድ ላኩና በኮምፒውተር ላይ Show original የሚለውን ክፈቱ። ከሦስቱም ስሞች አጠገብ PASS የሚል ካላያችሁ ለደንበኛ አትላኩ።

የስፓም ነገር እዚህ ይነሣል። ጎግል ስፓም ብለው የሚከሱ ተቀባዮች ከ0.3 በመቶ እንዳይደርሱ ይጠይቃል። ለ141 ሰው ስትልኩ አንድ ሰው ብቻ ቢከስ 0.7 በመቶ ነው። ያ የሥልጠና ዝርዝር ምን ሊያደርግ ይችል እንደነበር አስቡት። ለዚህም ነው የመውጫውን ቁልፍ በጉልህ የማስቀምጠው፤ መውጫ ያጣ ሰው የሚጫነው የስፓሙን ቁልፍ ነው።

የመጀመሪያው መልእክት

አንድ ልብስ፣ አንድ ዋጋ፣ አንድ ቁልፍ ይኑረው። እኔ የመረጥሁት የሴቶች የዝናብ ጃኬት ነበር። የጅማ ክረምት ሲገባ ደንበኛው የሚፈልገውን ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። ርዕሱ «የዝናብ ጃኬቱ ገባ፤ 40 ፍሬ ነው» የሚል ነበር። ስልክ ላይ የሚታየው የመጀመሪያው ሠላሳ ያህል ፊደል ስለሆነ የልብሱ ስም ፊት ይምጣ። አርባ ካላችሁ ደግሞ በእርግጥ አርባ ይሁን።

ዋጋውንና ልኩን በፎቶው ላይ አትጻፉ፤ ፎቶ ሳይጫን ሲቀር ደንበኛው ባዶ ሳጥን ያያል። በጽሑፍ እንዲህ አሰፈርሁት፦ ዋጋ 2,800 ብር፣ እስከ እሑድ ሰኔ 15 ግን 2,500፤ ደረት በሴንቲ ሜትር ለእያንዳንዱ ልክ፤ ክፍያ በቴሌብር ወይም በባንክ፤ ከተማ ውስጥ በዕለቱ ይደርሳል። ፎቶው አንድ ሆኖ ከ100 ኪሎባይት አልበለጠም፤ ደንበኛዬ ዳታ የሚገዛው በገንዘቡ ነው። መልስ የሚጻፍበት አድራሻም እኔ የማነበው ይሁን፤ ብዙ ሰው ከመግዛቱ በፊት ይጠይቃል።

መላክ

አስቀድማችሁ ለሠላሳ ያህል ደንበኛ ብቻ ላኩ፤ በቅርብ የገዙትን ምረጡ። እኔ ሰኔ 10 ማክሰኞ ለሠላሳ ላክሁ። አንዷ «ቁልፉ አይሠራም» ብላ መለሰችልኝ። ሊንኩ ላይ አንድ ፊደል ጎድሎ ነበር። ለ141 ልኬው ቢሆን ኖሮ የማስተካከያ መንገድ አልነበረኝም። ለቀሩት 111 ሐሙስ ሄደ።

ሰዓቱን ተጠንቀቁ። ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል እንዲደርስ ፈልጋችሁ 2:30 ብትሞሉ ደንበኛው ተኝቶ ሳለ በሌሊት ይላካል፤ መሙላት ያለባችሁ 20:30 ነው። የሰዓት ክልሉም UTC+3 መሆኑን አገልግሎቱ ውስጥ አረጋግጡ፤ ሳይነካ ሲተው የአሜሪካ ሊሆን ይችላል። የቀን መቁጠሪያውም የእነርሱ ነው፤ ሰኔ 12 እዚያ ላይ ጁን 19 ነው።

ውጤቱን ማንበብ

አገልግሎቱ «ስንት ሰው ከፈተው» የሚል ቁጥር ያሳያችኋል። ብዙ አትመኑት፤ አንዳንድ የኢሜይል መተግበሪያ ባለቤቱ ሳያየው ፎቶውን ቀድሞ ስለሚጭን ተከፍቷል ተብሎ ይቆጠራል። የምቆጥረው የተጫኑትንና የገዙትን ነው። ለእኔ 22 ሰዎች ቁልፉን ተጫኑ፤ ሦስት ሰዎች ከዝርዝሩ ወጡ።

ጅማ ላይ ግን ደንበኛው ኢሜይሉን አንብቦ ቁልፉን ትቶ ይደውላል። ይህን ካልያዛችሁ ኢሜይሉ ምንም አልሸጠም ብላችሁ ትደመድማላችሁ። መልእክቱ መጨረሻ ላይ «ሲደውሉ ‹ክረምት› ይበሉ፤ የቅናሹ ዋጋ ይያዝልዎታል» ብዬ ጻፍሁ። ከተሸጡት ዘጠኝ ጃኬቶች አራቱ በድረ ገጹ፣ አምስቱ «ክረምት» ብለው በደወሉ ሰዎች ነው። ድምሩ 22,500 ብር ሆነ።

ስድስት ሰዎች ደግሞ ትልቁ ልክ መኖሩን ጠይቀው መልስ ጻፉ። አልነበረኝም። በቀጣዩ ጭነት አስመጣሁና ሁለተኛውን መልእክት ለእነርሱ ብቻ፣ ቴሌግራም ላይ ከማውጣቴ አንድ ቀን አስቀድሜ ላክሁ።