«ይሄ ካንቶንኛ አይደለም» ተብሎ የተመለሰ ትርጉም፦ ችግሩና መፍትሄው

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት አማርኛና ቻይንኛ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። የመንግሥት ቢሮዎች ወሳኝ ወረቀቶችን ወደ ሁለቱም ያስተረጉማሉ። እኔም የትርጉም ሥራ ሳስተባብር የአማርኛውን ራሴ አያለሁ፣ የቻይንኛውን ደግሞ ለተርጓሚ አስተላልፋለሁ። የአማርኛው ብዙ ጊዜ ያለ ችግር ያልቃል። ቻይንኛው ግን አንባቢዎቹ ካንቶንኛ ተናጋሪ ሲሆኑ እየተመለሰ ያስቸግራል። ከተመለሱት ውስጥ ደጋግመው የሚያጋጥሙትን እዚህ አስቀምጣለሁ። ቻይንኛ የማያነብ አስተባባሪም ሊጠቀምበት ይችላል።

መጀመሪያ መሠረቱ ይያዝ። ሆንግ ኮንግ ያደገ ልጅ ቤት ውስጥ ካንቶንኛ ይናገራል። ትምህርት ቤት ሲጽፍ ግን መደበኛውን የጽሑፍ ቻይንኛ ነው የሚጽፈው። የዚህ ጽሑፍ ቃላትና ሰዋስው የዋናው ቻይና መደበኛ ቋንቋ ለሆነው ለማንዳሪን የቀረቡ ናቸው። ልጁ ታዲያ እያንዳንዱን ፊደል በካንቶንኛ ድምፅ ያነበዋል። «እሱ» ለማለት በአፉ 佢 (ኮይ) ይላል፣ ደብተሩ ላይ ግን 他 ብሎ ይጽፋል። ድርሰቱ ውስጥ 佢 ቢያስገባ መምህሩ ያርመዋል። የመጀመሪያውን ዓይነት 口語 (ሃው ዩ)፣ ማለትም የአፍ ቋንቋ ይሉታል። ሁለተኛው 書面語 (ሹ ሚን ዩ)፣ የጽሑፍ ቋንቋ ነው። አረብ አገር የሠራ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ እዚያም ጋዜጣው የሚጽፈውና እማማ ቤት ውስጥ የሚናገሩት አንድ አይደለም።

የአፍ ቋንቋውም ግን ይጻፋል። በስልክ መልእክት፣ በማኅበራዊ ሚዲያ፣ በማስታወቂያና በኮሚክስ ሞልቷል። ጋዜጣም የሰው ንግግር ሲጠቅስ ይጽፈዋል። ስለዚህ ደንበኛው «በካንቶንኛ ተርጉሙልኝ» ሲል የትኛውን እንደሚፈልግ ገና አልታወቀም።

ምልክት፦ ደንበኛው «ይሄ ማንዳሪን ነው፣ ካንቶንኛ አይደለም» ብሎ መለሰው

አንድ የክሊኒክ በራሪ ወረቀት እንዲህ ተብሎ ተመልሶብኝ ያውቃል። ተርጓሚዋ ሆንግ ኮንግ ያደገች፣ ሥራዋን የምታውቅ ሰው ነበረች። ወረቀቱን የገመገመው ደግሞ አሜሪካ የተወለደ ካንቶንኛ ተናጋሪ ነበር። አያቱ የሚናገሩትን ቃል ወረቀቱ ላይ ፈለገ፣ አጣው። ተቆጣ። ቅሬታው ከልብ ነበር፣ ትርጉሙ ግን ልክ ነበር። አያቱ ራሳቸው ከክሊኒክ የሚመጣ ወረቀት በጽሑፍ ቋንቋ እንዲሆን ነው የሚጠብቁት።

እዚህ ላይ ትርጉሙን ከመነካካት በፊት ምን እንደተጻፈ ማጣራት ይቀድማል። ቻይንኛ ባታነብም ትችላለህ። የአፍ ቋንቋን የሚያሳብቁ ፊደላት አሉ፣ ፋይሉ ውስጥ እነሱን ፈልግ፦

```
grep -n -E '嘅|唔|佢|喺|冇|咗|啲|哋|嘢' leaflet.txt
```

ምንም ካልወጣ ወረቀቱ በጽሑፍ ቋንቋ ነው የተጻፈው። በየመስመሩ ከወጣ የአፍ ቋንቋ ነው። 係 የሚለውን («ነው») ዝርዝሩ ውስጥ ሆን ብዬ አላስገባሁም። 關係 («ግንኙነት») በሚለው የጽሑፍ ቃል ውስጥም ስለሚገኝ ያሳስታል። ለበራሪ ወረቀት፣ ለቅጽና ለደብዳቤ ባዶ ውጤት ጥሩ ውጤት ነው። ለደንበኛው ይህንን አስረዳና ወረቀቱን እንዳለ ተወው።

ምልክት፦ «ጓደኛዬ በስልክ የጻፈልኝ ይመስላል» ተባለ

ይሄኛው የቀደመው ተቃራኒ ነው። ተርጓሚው «ካንቶንኛ» የሚለውን ትእዛዝ ቃል በቃል ወስዶ የኪራይ ውል ወይም የመድኃኒት መመሪያ በአፍ ቋንቋ ጽፎታል። አንባቢው ይገባዋል፣ ግን አያከብረውም። አንዳንዱ ጭራሽ የማጭበርበሪያ ወረቀት ነው ብሎ ይጠረጥራል። ከሁሉ የባሰው ግማሽ ለግማሽ ሲቀላቀል ነው። አንድ አንቀጽ 他的 ብሎ ጀምሮ ቀጣዩ 佢嘅 ሲል አንባቢው ሁለት ሰው የጻፈው ይመስለዋል። ሁለቱም «የእሱ» ማለት ናቸው።

ቃላቱን ብቻ መለወጥ አያድንም፣ ምክንያቱም የቃላቱ ቅደም ተከተልም ይለያል። «አንተ ቀድመህ ሂድ» በአፍ ቋንቋ 你行先 ነው፣ «ቀድመህ» የሚለው መጨረሻ ላይ ይመጣል። በጽሑፍ ቋንቋ 你先走 ይሆናል። «ከእሱ እረዝማለሁ» በአፍ 我高過佢፣ በጽሑፍ 我比他高 ነው። ፈልጎ በመተካት ብቻ የተስተካከለ ወረቀት ልብሱ ተቀይሮ አካሄዱ እንዳልተቀየረ ሰው ነው። ዓረፍተ ነገሩ እንደገና መጻፍ አለበት፤ ለተርጓሚውም የዚህ ጊዜና ክፍያ ሊታሰብለት ይገባል።

አንድ ቦታ ግን የአፍ ቋንቋው ይቆይ። ታካሚው ወይም ምስክሩ ያለው ቃል ሲጠቀስ እንዳለው ነው የሚጻፈው። በጥቅስ ምልክት ውስጥ ያለ 唔 አይታረምም።

ምልክት፦ ቀረጻው መጽሐፍ የሚነበብ ይመስላል

ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ይሄኛው ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ወረቀቱ ላይ ምንም ስህተት አይታይም። ደንበኛው በራሪ ወረቀቱን ያሠራና «ይሄንኑ በድምፅ ቅዱልኝ» ይላል። አንባቢዋ እያንዳንዱን ፊደል በካንቶንኛ ድምፅ በትክክል ታነባለች። የሚሰማው ግን በቤት ውስጥ ማንም የማይናገረው ነገር ነው። በተለይ ብዙ ያልተማሩ አረጋውያን አንዳንዱን ቃል ጭራሽ አይከተሉትም።

አንድ ዓረፍተ ነገር ይዘን እንየው፦ «ነገም ትኩሳቱ ካለቀቀው ተመልሳችሁ ሐኪም ጋ ኑ።» ወረቀቱ ላይ ያለው ይሄ ነው፦

如果他明天還在發燒,請回來看醫生。

ለጆሮ ሲዘጋጅ እንዲህ ይሆናል፦

如果佢聽日仲發燒,就返嚟睇醫生。

«እሱ» ከ他 (ታ) ወደ 佢 (ኮይ) ሄደ። «ነገ» 明天 (ሚንግ ቲን) የነበረው 聽日 (ቲንግ ያት) ሆነ። «አሁንም» 還在 ነበር፣ 仲 (ጁንግ) ሆነ። «ተመልሶ መምጣት» 回來 (ዊ ሎይ) የነበረው 返嚟 (ፋን ላይ) ተባለ። «ማየት» 看 (ሆን) የነበረው ደግሞ 睇 (ታይ) ሆነ፤ ሐኪም ጋ መሄድን «ሐኪም ማየት» ነው የሚሉት። የትሕትናዋ 請 («እባክዎ») በ就 («እንግዲያ») ተተካች። ያልተነኩት 如果 («ከሆነ»)፣ 發燒 («ትኩሳት») እና 醫生 («ሐኪም») ብቻ ናቸው። ነገርን የሚሰይሙት ቃላት ይጋራሉ፣ ዓረፍተ ነገሩን የሚያያይዙት ትንንሽ ቃላት ግን ይለያሉ። ለዚህ ነው ርዕሱን ብቻ ያየ ሰው ሁለቱ አንድ የሚመስሉት።

መፍትሄው ሁለት የተለያየ ፋይል ማዘዝ ነው፦ አንዱ ለዓይን፣ አንዱ ለጆሮ። ፋይሎቹ እንዳይምታቱ ስማቸው ላይ መለያ ይግባ፦

```
zh-Hant-HK    ለዓይን
yue-Hant-HK   ለጆሮ
```

በጀቱ ለአንድ ጽሑፍ ብቻ ከበቃ ተርጓሚው ለሁለቱም የሚሠሩ ቃላትን መምረጥ ይችላል። «በቀን 30 ደቂቃ ይራመዱ» ለማለት 走 የሚለው ለማንዳሪን ሰው መራመድ ነው፣ ለካንቶንኛ ጆሮ ግን ትቶ መሄድ ወይም መሸሽ ነው። 步行 ብሎ ቢጻፍ በወረቀትም ያምራል፣ ሲነበብም አያሳስትም። ይሄ ግን ከአጭር ማሳሰቢያ በላይ አይዘልቅም። ረጅም ማብራሪያ ሁለት ጊዜ መጻፍ አለበት።

ምልክት፦ ፊደሉ የሆንግ ኮንግ ነው፣ ሽታው ግን የሌላ አገር

እዚህ ያለው ስህተት የመጣው ከፊደል መቀየሪያ ነው። አንድ ሰው ለዋናው ቻይና የተሠራውን ትርጉም ወስዶ፣ ዋናው ቻይና ከሚጽፍበት ቀለል ተደርጎ ከተሠራው ፊደል ሆንግ ኮንግ ወደምትጽፍበት ባህላዊው ፊደል ገልብጦ «ለሆንግ ኮንግ» ብሎ ልኮታል።

በቀላሉ ፊደል 发 አንድ ነው። በባህላዊው ግን ሁለት ነው፦ 發 («መነሳት፣ መውጣት») እና 髮 («ፀጉር»)። ትኩሳት 發燒 ነው። የፀጉር መርገፍ ግን 脫髮 መሆን አለበት። የመድኃኒቱ ጎንዮሽ ጉዳት ዝርዝር ውስጥ 脫發 ካየህ መቀየሪያው ተሳስቷል፣ የሚያነበውም ሰው ወዲያው ያየዋል። እንደዚሁ 面 («ፊት») እና 麵 («ኑድል») በቀላሉ ፊደል አንድ ናቸው።

ፊደሉ ቢስተካከልም ቃሉ ይቀራል። የድንገተኛ ክፍል በዋናው ቻይና 急診 ነው፣ የሆንግ ኮንግ ሰው በር ላይ የሚፈልገው ግን 急症室 ነው። ታክሲ በዋናው ቻይና 出租車፣ በሆንግ ኮንግ 的士 ነው። እነዚህን መቀየሪያ አያመጣቸውም፣ ሆንግ ኮንግ ያደገ ሰው ማንበብ አለበት።

«ካንቶንኛ» ሲባል ሁሌም ባህላዊ ፊደል ነው ማለት ግን አይደለም። ጓንግዡ የተማረ ካንቶንኛ ተናጋሪ የሚያነበው ቀላሉን ፊደል ነው። ኩዋላ ላምፑር ውስጥም ብዙዎቹ እንደዚያው ናቸው። ሆንግ ኮንግና ማካው፣ እንዲሁም በአሜሪካ ቻይናታውን የሚኖሩ አብዛኞቹ አረጋውያን ግን ባህላዊውን ነው የሚያነቡት። ትእዛዙ ላይ «አንባቢው የት ነው የተማረው?» የሚል መስመር ካለ ይህ ሁሉ ጣጣ አይመጣም።

ምልክት፦ አንድ ፊደል ቦታ ላይ ባዶ ሳጥን ወጣ

በካንቶንኛ ሊፍት 𨋢 ይባላል። ፊደሉ በዩኒኮድ U+282E2 ላይ ነው፣ ሲቀመጥም አራት ባይት ይወስዳል። የድሮው የማይ ኤስ ኪው ኤል `utf8` ከሦስት ባይት በላይ አይዝም። ስለዚህ ዳታቤዙ ወይ ስህተት አለ ብሎ ይመልሰዋል፣ ወይም ጽሑፉን እዚያ ላይ ይቆርጠዋል። ሠንጠረዡ ወደ `utf8mb4` ይቀየር፣ የግንኙነቱ መቼትም እንደዚያው። ዳታቤዙ ጤነኛ ሆኖ ሳጥኑ ካልጠፋ ፎንቱ ፊደሉ የለውም፣ የሆንግ ኮንግ ፊደላትን የያዘ ፎንት ይጫን።

ጽሑፉ የሕንፃ ማስታወቂያ ከሆነ ግን ፎንት ከመፈለግህ በፊት ቃሉን ተመልከት። ሆንግ ኮንግ ውስጥ በሊፍት በር ላይ የሚለጠፈው ቃል 升降機 ነው። ተርጓሚው 𨋢 ብሎ ከጻፈ ወረቀቱ ከሳጥኑ በፊትም የአፍ ቋንቋ ተቀላቅሎበት ነበር።