ተናጋሪውን አመስግኖ ወደ ቀጣዩ ለመሻገር

መድረክ ስትመሩ "እጅግ ጠቃሚ ገለጻ ነበር፤ በመቀጠል..." ማለት ከሰለቻችሁ፣ ተናጋሪው ሳይጨርስ ቀጣዩን ዝግጅት የሚነካ አንድ ሐሳብ ብቻ ከንግግሩ ጻፉ። ባሕር ዳር ላይ ስለ እምቦጭ የተሰጠ ገለጻ አልቆ፣ ቀጥሎ የጣና ዓሣ አስጋሪዎች ውይይት ነበር። "ዶክተር፣ የእምቦጭ ዘር ጭቃ ውስጥ ለዓመታት እንደሚቆይ ስላስረዱን እናመሰግናለን" አልኩ። ጭብጨባው እስኪበርድ ጠበቅኩ፤ ካልጠበቃችሁ የምትሉት አይሰማም። ከዚያ "መረባቸው በዚሁ አረም የሚያዝባቸው ሰዎች እዚህ አሉ፤ ወደ መድረኩ ይምጡልን" አልኩ። ተናጋሪው እንደተደመጠ ያውቃል፤ ታዳሚውም ቀጣዩን የሚሰማበት ምክንያት ያገኛል። ንግግሩን ግን በአጭሩ መልሳችሁ አትናገሩ። ቀጣዩ ምሳ ከሆነ ደግሞ ተዉት፤ የራበው ሰው ድልድይ አይፈልግም።