ኪኒኑን እየዋጥሽ ደምሽ ለምን አልጨምር አለ?

ክሊኒክ ላይ ደጋግሞ የሚገጥመኝ ነገር አለ። ሴትየዋ ደም ማነስ አለሽ ትባላለች፣ የአይረን ኪኒን ይጻፍላታል፣ አንድም ቀን ሳትዘል ትውጣለች፣ ከሁለት ወር በኋላ ስትመረመር ቁጥሩ እዛው ቁጭ። ከዛ "ሲስተር፣ ኪኒኑ ፎርጅድ ነው መሰለኝ" ትለኛለች። ሊሆን ይችላል፣ ግን እኔ ካየኋቸው አብዛኞቹ ላይ ችግሩ ኪኒኑ ሳይሆን አጠገቡ የተቀመጠው የሻይ ብርጭቆ ነበር።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር እናጥራ፣ ደም ማነስና የደም ግፊት መውረድ አንድ አይደሉም። "ደሜ ወርዷል" ብላችሁ ጨውና ለስላሳ የምትወስዱ አላችሁ፣ እሱ የግፊት ጉዳይ ነው። እዚህ የማወራው ሂሞግሎቢን ስለሚባለው፣ በላብራቶሪ ወረቀት ላይ ለሴት ከ12 በታች (ለነፍሰ ጡር ከ11 በታች) ሲሆን ደም ማነስ ስለሚባለው ነው።

ምልክቱ

ሀዋሳ ውስጥ ጁስ ቤት የምትሰራ የ29 ዓመት ልጅ ናት፣ ስሟ ይቅር። ስትመጣ ያለችኝ "ደከመኝ" ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ ሁሉም ሰው ይላል። ስጠይቃት ግን ሌላ ሌላው ወጣ። የፍራፍሬ ካርቶን ይዛ ትንሽ ደረጃ ስትወጣ ልቧ ይመታል፣ ፀጉሯ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል፣ ማታ እግሯን የሚያቅበጠብጥ ነገር እንቅልፍ ይነሳታል። ከዛ እየሳቀች "ደግሞ በረዶ እበላለሁ" አለችኝ። ለጁስ የሚቀመጠውን በረዶ ቀኑን ሙሉ ስትቆረጥም ትውላለች፣ አሰሪዋ እስኪቆጣት ድረስ። ለኔ ከድካሙ ይልቅ ይሄ ነው ጆሮዬን ያቆመው። በረዶ፣ አፈር፣ ጥሬ ሩዝ አምሮኝ እምቢ አለኝ የምትል ሴት ካለች አይረኗን አስመርምሯት፣ አመል ብላችሁ አትለፉት።

የታችኛውን የዓይኗን ሽፋን ወደ ታች ሳብ ሳደርገው ውስጡ ገርጥቷል። ሂሞግሎቢኗ 9.2፣ የቀይ ደም ሴሉን ትልቅነት የሚናገረው ኤምሲቪ 71 (ከ80 በታች ከሆነ ሴሉ አንሷል ማለት ነው)፣ የአይረን ጎተራ የሚባለው ፈሪቲን ደግሞ 6። ፈሪቲን ከ15 ከወረደ ጎተራው ባዶ ነው፣ አያከራክርም። ችግሩ ኢንፌክሽን ወይም ሌላ ብግነት ካለ ፈሪቲን ከፍ ብሎ ሊዋሽ ይችላል፣ ስለዚህ ጉንፋን ይዟችሁ ከሆነ ሲሻላችሁ ብትሰሩት ይሻላል።

ኪኒን ተሰጣት፣ ሄደች። ከሁለት ወር በኋላ 9.5።

ታዲያ ምን ይዞት ነው

ከጠዋት እስከ ማታ ምን እንደምትበላና እንደምትጠጣ በሰዓት አስቆጠርኳት፣ እናንተም ራሳችሁ ላይ ሞክሩት። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ዳቦ በሻይ፣ ኪኒኑን እዛው በሻይ ትውጣለች፣ ለምን ስላት "ባዶ ሆዴን ያቃጥለኛላ"። 7 ሰዓት ላይ እቤት ሄዳ ሽሮ ትበላለች፣ እናቷ ቡና አፍልተው ይጠብቋታል፣ ገና እጇን ሳትታጠብ አቦሉ ይቀዳል፣ ቶናም በረካም ይከተላል። ማታ እራት፣ ከላዩ ሻይ። ቀኑን ሙሉ አይረን ያለሻይ ወይም ያለቡና ወደ ሆዷ የገባበት አንድ ሰዓት እንኳን የለም ማለት ነው።

ሻይና ቡና ውስጥ ያሉት ፖሊፊኖል የሚባሉ ነገሮች (ሻዩን መራራ ምላስ የሚያደርቅ የሚያደርጉት ታኒኖች ከነሱ ናቸው) አንጀት ውስጥ አይረኑን ይይዙትና ሳይገባ አብረው ይወጣሉ። ካፌይኑ አይደለም ጥፋተኛው፣ ካፌይን የሌለው ቡናም ያው ነው። ወተት ጨምሬ ማኪያቶ ባደርገውስ? አይፈታውም። ሻይ በሎሚስ? አንዲት ቁራጭ ሎሚ ሙሉ ብርጭቆ ሻይ አትመልስም፣ በሱ አትተማመኑ።

በ1983 የታተመ አንድ ጥናት አለ፣ እኛን በደንብ የሚመለከት ሆኖ ነው የማነሳው። ከምግብ ጋር አንድ ስኒ ቡና የጠጡ ሰዎች ወደ ደም የገባላቸው አይረን በ39 ፐርሰንት ቀነሰ፣ ሻይ ሲሆን በ64። ዋናው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ቡናውን ከምግቡ 1 ሰዓት በፊት ሲጠጡ ምንም አልቀነሰም፣ ከምግቡ 1 ሰዓት በኋላ ሲጠጡ ግን ልክ አብረው እንደጠጡት ያህል ቀነሰ። ምግቡ ገና ሆድ ውስጥ ስላለ ነዋ። እኛ ደግሞ ቡና የምናፈላው መቼ ነው? ምሳ እንዳለቀ።

ፍትሃዊ ለመሆን ይሄ ሁሉ የሚጎዳው ከእህልና ከአትክልት የሚገኘውንና የኪኒኑን አይረን ነው። የስጋና የጉበት አይረን ሄም የሚባል ሌላ ዓይነት ስለሆነ በተሻለ ይገባል፣ ሻይም ብዙ አይነካውም። ግን ስንቶቻችን ነን በየቀኑ ስጋ የምንበላው፣ ፆሙ ሲጨመርማ ጭራሽ።

ምን አደረግን

ቡና ተዪ አላልኳትም፣ እናቷ ይጣሉኛል። ሰዓቱን ብቻ አዛወርነው። ምሳ 7 ሰዓት ከሆነ ቡናው 9 ተኩል ይፈላ፣ ወይም ደግሞ እረፍት በሆነችበት ቀን ከምሳ 1 ሰዓት ቀድሞ ይጠጣ። እትዬ መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር፣ በኋላ "ጎረቤትም በዛ ሰዓት ይመቸዋል" ብለው ተስማሙ።

ኪኒኑን ከቁርስ አላቀቅነው። 4 ሰዓት ላይ ከጠዋቱ ሻይ 3 ሰዓት አልፏል፣ ምሳም ገና ነው፣ ስለዚህ ስራ ቦታዋ ላይ በብርጭቆ የብርቱካን ጁስ እንድትውጠው ነገርኳት። ጁስ ቤት እየሰራች ኪኒን በሻይ ስትውጥ መክረሟ እስካሁን ያስቀኛል። ቫይታሚን ሲ አይረኑን በቀላሉ በሚገባ መልኩ ያቆየዋል፣ የፖሊፊኖሉንም ጉዳት ይቀንሳል። ብርቱካን ባይኖር ፓፓያም ይሆናል፣ ዘይቱን ከተገኘማ ከብርቱካንም ይበልጣል። አቮካዶ ጁስ ግን ቫይታሚን ሲው ትንሽ ነው፣ ሎሚ በደንብ ካልተጨመቀበት ብዙ አትጠብቁበት።

ሆድ ማቃጠሉን ደግሞ አንድ ቀን እየዘለለች እንድትወስድ በማድረግ ነው ያቃለልነው። አንድ ኪኒን ስትውጪ ሰውነትሽ ሄፕሲዲን የሚባል በር ዘጊ ሆርሞን ይለቃል፣ በማግስቱ የሚዋጠው ኪኒን በሩ ሳይከፈት ይደርሳል። ስለዚህ በቀን ሁለትና ሦስት መዋጥ በአብዛኛው ሆድ ማሳመም እንጂ ደም መጨመር አይደለም። ነፍሰ ጡሮች ግን ይሄን ለራሳችሁ አትተርጉሙት፣ የእናንተ በየቀኑ ነው፣ ከሀኪማችሁ ሳትነጋገሩ አትዝለሉ። ሰገራ ቢጠቁር ከኪኒኑ ነው፣ አትደንግጡ። በወተት አትዋጡት፣ የጨጓራ ማስታገሻ የምትወስዱም ብትሆኑ አራርቁት፣ ኦሜፕራዞል የምትወስዱ ደግሞ ለሀኪሙ ንገሩት፣ አሲድ ሲቀንስ አይረኑም በደንብ አይገባም። ኪኒኑን ልጆች እንዳያገኙት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ለትንሽ ልጅ መርዝ ነው፣ ቀልድ የለውም።

ምሳው ላይ ሽሮውን አልቀየርንም፣ አጠገቡ ያለውን ነው የቀየርነው። ጥሬ ቃሪያ ስንግ፣ ቲማቲም ሰላጣ ሎሚ ተጨምቆበት። ቲማቲሙ ወጡ ውስጥ ለ40 ደቂቃ ከተንተከተከ ቫይታሚን ሲው በሙቀት ይቀንሳል፣ ስለዚህ ጥሬውን ገበታ ላይ ነው የምፈልገው፣ ያውም በዛው ምግብ። ጠዋት የበላችሁት ብርቱካን ለምሳው ምስር አይሰራም። ቁርስ ላይ ፉል በሽንኩርት፣ በቲማቲምና በቃሪያ ምርጥ ነው፣ ሻዩን ብቻ አቆዩልኝ። ሀይቁ ዳር ላለን ደግሞ ዓሳ አለን፣ ቆሮሶ ራሱ ብዙ አይረን የለውም ግን እንደ ስጋ ሁሉ አብሮ የተበላውን የእህል አይረን እንዲገባ ያግዛል፣ ሎሚም ይጨመቅበታል።

ሰው ሁሉ የሚመክረው ቀይ ስር? ቀለሙ ነው ቀይ፣ አይረኑ ትንሽ ነው። ቆስጣም አይረን ቢኖረው ኦክሳሌትና ፖሊፊኖል ስላለው ብዙ አይለቀውም፣ ጎመን ይሻላል። ጤፍ ላይ ደግሞ የምታዩት ትልቅ የአይረን ቁጥር ሲወቃ ከተደባለቀው አፈር የመጣ ብዙ ክፍል አለው፣ እሱ ደግሞ ሰውነት ውስጥ ብዙም አይገባም። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ግን አይረን የሚይዘው ፋይቴት ይቀንሳል፣ ስለዚህ ሁለት ሦስት ቀን የቦካ እንጀራ በችኮላ ከተጋገረው ይሻላል።

ይሄን ሁሉ አድርጌ ካልጨመረስ?

ልጅቷ በሁለተኛው ሳምንት ደውላ "በረዶው አስጠላኝ" አለችኝ፣ ቁጥሩ ገና ሳይንቀሳቀስ ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሄደው እሱ ነው። በ4ኛው ሳምንት 11.0 ሆነ። በአንድ ወር ውስጥ ሂሞግሎቢን ቢያንስ 1 ካልጨመረ፣ ሰዓቱም ከተስተካከለ፣ ከዛ በኋላ ጥያቄው ምን ይገባል ሳይሆን ምን ይወጣል ነው። የወር አበባ ከ7 ቀን በላይ ይቆያል? ሞዴስ በ1 ወይ በ2 ሰዓት ይሞላል? የረጋ ደም ይወርዳል? የመዳብ ሉፕ አለሽ? በባዶ እግር እርሻ ላይ የምትውሉ ከሆነ ሁክዎርም የሚባለው የአንጀት ትል ደም ይመጥጣል፣ ሰገራ ይመርመር። የጨጓራ ባክቴሪያም አይረን እንዳይገባ ያደርጋል። የወር አበባዋ የቆመ ሴት ላይ ደግሞ የአይረን እጥረት ከተገኘ ኪኒን ሰጥቶ መሸኘት ልክ አይደለም፣ የሚደማው ቦታ መፈለግ አለበት። ተቀምጣችሁ ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ደረታችሁን ካመማችሁ፣ ወይ ሞዴስ በየሰዓቱ ከሞላ ሽሮና ቃሪያ አትቁጠሩ፣ ሆስፒታል ሂዱ።

የኛዋ ልጅ ላይ የወር አበባው 8 ቀን ነበር የረጋ ደም ያለው፣ ሳይጠይቋት ስለማታወራው ሁለት ወር አልፎታል። አልትራሳውንድ ተነሳች፣ ማዮማ የሚባል ትንሽ የማህጸን እጢ ተገኘ፣ የማህጸን ሀኪም ይዟታል። በ3ኛው ወር 12.8 ሲሆንላት ኪኒኑን ልታቆም ነበር፣ ጎተራው ገና ስላልሞላ 3 ወር ጨምሪ አልኳት፣ አሁን በዛ ላይ ናት፣ 4 ሰዓት ሲሆን ብርቱካን እየጨመቀች።