ሞርፊን ቤት ሲገባ የምንሠራቸው ስህተቶች

እናትየው የጡት ካንሰሯ ወደ ወገቧ አጥንት ተዛምቷል። ሐኪሙ ወደ ማስታገሻ ሕክምና ክፍል ሲልካቸው ልጅቷ አለቀሰች። «በቃ፣ ተስፋ ቆርጠውባታል ማለት ነው» አለች።

የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው፤ ማስታገሻ ሕክምናን ከሆስፒስ ጋር መቀላቀል። ማስታገሻ ሕክምና ከኬሞና ከጨረር ጎን ለጎን ይሰጣል፤ በሽታው እንደታወቀ ሊጀመርም ይችላል። ሆስፒስ ግን ካንሰሩን የመዋጋቱ ሕክምና ሲቆም የሚመጣ እንክብካቤ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት የጤና መድን ለሆስፒስ የሚከፍለው፣ በሽታው በተለመደው መንገዱ ከሄደ የቀረው ዕድሜ 6 ወር ወይም ከዚያ በታች መሆኑን ሐኪሞች ሲያረጋግጡ ነው። ለማስታገሻ ሕክምና እንዲህ ያለ ቀነ ገደብ የለም።

ሁለተኛው ስህተት ሞርፊንን «ለመጨረሻው ቀን» ማስቀመጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1986 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሕመም ማስታገሻዎች መሰላል ሦስት ደረጃ አለው፤ መጀመሪያ ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን፣ ቀጥሎ ኮዴይን ወይም ትራማዶል፣ ከዚያ ሞርፊን። ደረጃውን የሚወስነው የሕመሙ ብርታት እንጂ የቀረው ዕድሜ አይደለም። ኃይለኛ ሕመም ላለበት ሰው ከታች መጀመርም ግዴታ አይደለም።

ሦስተኛው ቤት ውስጥ በብዛት የማየው ነው፤ ሕመሙ እስኪመጣ መጠበቅ። ፈጥኖ የሚሠራው ሞርፊን ኃይሉ 4 ሰዓት ያህል ነው የሚቆየው። ስለዚህ በሰዓቱ ይሰጣል። ለእኚህ እናት ሐኪሙ 5 ሚሊ ግራም አዘዘ፤ ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ከሰዓት 8፣ ማታ 12። ሌሊት እንዳይነሱ ደግሞ ማታ 4 ሰዓት ላይ እጥፉን፣ 10። ድምሩ 30 ነው። በመሃል ሕመሙ ከፈነዳ ተጨማሪ 5 ይወስዳሉ።

ልጅቷ ተጨማሪውን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፈች። በአንድ ቀን አራት ጊዜ፣ ማለትም 20 ሚሊ ግራም። ከ30ው ጋር 50 ሆነ፤ በየ4 ሰዓቱ ሲሰላ ቀኑ 6 መጠን ስላለው፣ ለ6 ሲካፈል 8 ገደማ ነው። ሐኪሙ ደብተሩን አይቶ መጠኑን ወደ 7.5 ከፍ አደረገው። ደብተር ባይኖር ኖሮ በግምት ነበር የሚሄደው።

አራተኛው የሆድ ድርቀትን መርሳት ነው። ማቅለሽለሹና ድብታው በጥቂት ቀናት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ይለቃል፤ ድርቀቱ ግን አይለቅም። እንደ ቢሳኮዲል ወይም ሴና ያለ የሆድ ማለስለሻ ከሞርፊኑ ጋር አብሮ ይታዘዛል። በድርቀቱ ብቻ ተማረው ሞርፊኑን የሚተዉ አሉ፤ ያሳዝናል።

ሱስን ፈርቶ መጠኑን በራስ መቀነስም አለ። ሰውነት መድኃኒቱን መልመዱ ሱስ አይደለም፤ ስለዚህ ግን በድንገት አይቆምም። እውነት የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ ታማሚዋን መቀስቀስ ካቃተ፣ ትንፋሿ በደቂቃ ከ8 በታች ከወረደ፣ ጡንቻዋ መንቀጥቀጥ ከጀመረ በፍጥነት ሐኪም ይጠራ። በተለይ ኩላሊት የደከመ ሰው ላይ መድኃኒቱ ይጠራቀማል።

የሚያቃጥል ወይም እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ሕመም ላይ ሞርፊን ብቻ መጨመርም አያዋጣም። እሱ የነርቭ ነው፤ አሚትሪፕቲሊን ወይም ጋባፔንቲን ይጨመርበታል። የአጥንቱን ሕመም ደግሞ አንድ ዙር ጨረር ብዙ ጊዜ ያቀልለዋል። እኚያ እናት ከጨረሩ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተጨማሪ መጠን የሚጠይቁት ማታ አንዴ ብቻ ሆነ።