32ኛው ኪሎ ሜትር ላይ እግር ሲከዳ

ከባሕር ዳር ወደ መራዊ በሚወስደው መንገድ ረጅም ልምምድ ስሠራ ሁሌ ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ እግሬ ይከዳኝ ነበር። ትንፋሼ ደህና ነው፤ ጭኔ ግን ይከብዳል፣ ራሴን ያዞረኛል፣ በፀሐይ ይበርደኛል። ውኃ አብዝቼ ጠጣሁ፣ ቆሜ ተፍታታሁ፤ ለውጥ የለም። ለካ ያለቀው ጡንቻ ውስጥ የተከማቸው ስኳር ነው።

ለመጀመሪያ ማራቶኔ በሶ በማር በጥብጬ፣ ቁንጥር ጨው ጨምሬ፣ እንዳይከብድ በወንፊት አጥልዬ ያዝኩ። ገና ሳይደክመኝ በየግማሽ ሰዓቱ ሁለት ሦስት ጉንጭ እጠጣ ነበር። ከደከሙ በኋላ ቢጀምሩት ሆድ በቀላሉ አይቀበለውም።

ያም ሆኖ 32ኛው ላይ ክብደቱ፣ ማዞሩና ብርዱ መጣ፤ ማቋረጥም አማረኝ። መጀመሪያ ራሴን መረመርኩ፦ አንድ ቦታ የሚወጋ ሕመም የለም፣ አላነክስም፣ ላቤ ይወርዳል፣ ስንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ እንዳለሁ አውቃለሁ። አንዱ ቢጓደል ኖሮ እወጣ ነበር። ለመቀጠል ወሰንኩና እየተራመድኩ የቀረውን በሶ ቀስ ብዬ ጨረስኩት፤ ከዚያ እርምጃዬን አሳጥሬ ሮጥኩ። ስኳሩ ደም ውስጥ እስኪገባ ሩብ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ እስከዚያ ምንም ለውጥ የለም፣ መታገሥ ነው። 35ኛውን ካለፍኩ በኋላ ራሴን ማዞሩ ተወኝ፣ ብርዱም ለቀቀኝ። ጭኔ እስከ መጨረሻው አልቀለለም፤ ፍጥነቴን ቀንሼ 42ቱን ጨረስኩ።