ቪትዝ ይዛችሁ በየቀኑ ኮረኮንች ለምትመላለሱ

ጎማ ስትገዙ ጥርሱን ከማየታችሁ በፊት የጎኑን ቁመት እዩ። ድንጋይ ጎማውን ከቸርኬው ጋር ሲያጋጨው ቀድሞ የሚጎዳው ጎኑ ነው። ከተመታ በኋላ እንደ እባጭ ካበጠ የውስጡ ክር ተበጥሷል፤ ጎሚስታ አይጠግነውም።

መኪናችሁ 175/65 በ14 ያደርጋል እንበል። 65 ማለት የጎኑ ቁመት የስፋቱ 65 በመቶ ነው፤ ወደ 114 ሚሊሜትር ይሆናል። 175/70 በ14 ብታስገቡ 122 ገደማ ይደርሳል። መኪናውም 9 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ይላል። ፍጥነት መለኪያው ግን ከቀድሞው 3 በመቶ ገደማ ዝቅ አድርጎ ያነባል።

ከመግዛታችሁ በፊት ጎሚስታው አንዱን የፊት ጎማ አስሮ ይሞክርላችሁ። መሪውን እስከ መጨረሻው በሁለቱም በኩል አዙሩ፣ ሰው ጭናችሁም ሞክሩ። የጭቃ መከላከያውን ፕላስቲክ ከነካ ተዉት፣ በቀድሞው ልክ ቆዩ። ያኔ ኤክስኤል የሚል የተጻፈበትን፣ ጎኑ ጠንከር ያለውን ፈልጉ። ትንሽ ያንገጫግጫል።

ለውበት ብሎ ባለ 15 ቸርኬ ላይ ስስ ጎማ ማሰርስ? ለአስፋልት ይሁን፣ ለኮረኮንች ግን ገንዘብ መጣል ነው።